የቀረበ ሥራን አልቀበልም ስለ ማለት

በቅጥር ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ተቀምጫለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያቀረብኩላቸውን ሥራ አልፈልግም ያሉኝ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ከእነሱ መካከል ዛሬም ክፍት ቦታ ሲገኝ አስቀድሜ የምደውልላቸው አሉ፤ ስልካቸውን ዘግተው የጠፉብኝም አሉ። በመዝገብ ላይ ሁለቱም ወገኖች ያደረጉት አንድ ነው፤ ሥራውን አልተቀበሉም። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ ቢሉ፣ የዛሬው ትምህርታችን እሱን ይመለከታል።

ከሥሩ እንጀምር። ሥራ አልቀበልም የሚል ሰው መልሱን የሚሰጠው ለማን ነው? አብዛኛው አመልካች ‹‹ለድርጅቱ›› ይላል። ድርጅት ግን ስልክ አያነሳም። ስልኩን የምታነሳው ኤችአር የምንላት የሰው ኃይል ባለሙያዋ ናት። እሷም መልሱን ሰምታ አትቀመጥም፤ ወደ ፋይናንስ ኃላፊው ቢሮ ገብታ ‹‹የመረጥነው ሰው አይመጣም›› ማለት አለባት። እዚያ የሚጠብቃት ጥያቄ ‹‹ለምን?›› የሚል ነው። ስለዚህ የእናንተ መልስ የሚነገረው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ በእናንተ አፍ ለእሷ፣ ሌላ ጊዜ በእሷ አፍ ለአለቃዋ። ግንኙነቱን የሚያቆየውም የሚቆርጠውም ይህ ሁለተኛው ነው። ይዛው የምትገባ መልስ ከሌላት ‹‹ስልክ አላነሳ አለ›› ከማለት በቀር ምርጫ የላትም፤ ያ ደግሞ በእሷ ላይ ነው የሚቆጠረው። ‹‹እንዲህ ዓይነቱን ሰው ነው ወይ ያመጣሽልን?›› ትባላለች።

ቀጥሎ ማወቅ የሚገባን የተጠባባቂውን ነገር ነው። ከመቶ በላይ ማመልከቻ ይገባል፤ ከዚያ ውስጥ አሥር አሥራ ሁለት ሰው ለጽሑፍ ፈተና ይጠራል፤ ሦስት ወይም አራቱ ለቃል ፈተና ይቀርባሉ። በመጨረሻ አንዱ ይመረጥና ሁለተኛ የወጣው ተጠባባቂ ይሆናል። ይህ ሰው ተጠባባቂ መሆኑ አይነገረውም፤ ‹‹ውጤቱን እናሳውቅዎታለን›› ተብሎ ነው የሚሰነብተው። የመጀመሪያው ተመራጭ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ አልመጣም ካለ፣ ባለሙያዋ ለሁለተኛው ደውላ ‹‹ተመርጠዋል›› ትላለች፤ እሱም ሁለተኛ እንደነበረ ሳያውቅ ይገባል። ሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ወይ ሌላ ቦታ ገብቷል፣ ወይ ነገሩ ገብቶት ቅር ብሎታል። ያኔ ማስታወቂያው እንደገና ይወጣል፣ ፈተናው እንደገና ይዘጋጃል፣ የሁለት ወር ሥራ ከመጀመሪያው ይጀመራል። አለመቀበላችሁ ባለሙያዋን ብዙ አይጎዳትም፤ ይህ የሥራዋ አካል ነው። የሚጎዳት የዘገየው ቀን ነው።

እንግዲህ እኛ ለምን እንዘገያለን? ይሉኝታ ነው። ሰባት ሳምንት ሙሉ ያመላለሰችን፣ ‹‹አይዞሽ፣ ጥሩ ነው የሠራሽው›› ያለችን፣ በቃል ፈተናው ቀን ውሃ ያቀረበችልን ሰው ፊት ‹‹አልፈልግም›› ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ‹‹እስቲ ከቤተሰብ ጋር ልመካከር›› እንላለን፤ ከዚያ ‹‹ትንሽ ጊዜ ስጡኝ››፤ ከዚያ ዝምታ። በማኅበራዊ ኑሯችን ይህ ይሠራል። ለሰርግ የተጠራ ሰው ‹‹እሞክራለሁ›› ካለ እንደማይመጣ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይቀየምም። የቅጥር ባለሙያ ግን ‹‹እሞክራለሁ››ን በጽሑፍ ወደ አለቃዋ ልትወስደው አትችልም። ሰምና ወርቅ ለቅኔ ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ሰም ብቻ ይበቃል።

አሁን በምሳሌ እንየው። አንዲት የሒሳብ ባለሙያ አለች እንበል፤ አዲስ አበባ አስኮ ትኖራለች፣ አፀደ ሕፃናት የምታደርሰው ልጅ አላት። ቦሌ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው አንድ አምራች ድርጅት ለሲኒየር አካውንታንት ቦታ ማስታወቂያ አወጣ፤ አመለከተች። በሁለተኛው ሳምንት ተደወለላት፣ በሦስተኛው ቅዳሜ ጠዋት የጽሑፍ ፈተና ወሰደች፣ በአምስተኛው አራት ሰዎች ፊት ቀርባ ተጠየቀች፣ በስድስተኛው ከፋይናንስ ኃላፊው ጋር ለብቻዋ ተገናኘች። የመጀመሪያውን አንድ ዓመት የምትሠራው ዱከም ባለው ፋብሪካ መሆኑን የሰማችው በዚህ የመጨረሻ ቀን ነው። በሰባተኛው ሳምንት ረቡዕ ከሰዓት የቅጥር ደብዳቤው በኢሜይል መጣ፤ መልስ እስከ ሰኞ ይፈለጋል ይላል።

መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ትክክል ነው፤ ለማንም ከመደወሏ በፊት ሒሳቡን አሰላች። ድርጅቱ ሰርቪስ አለው፤ የሚነሳው ግን ከመገናኛ ጠዋት 12፡30 ነው። ከአስኮ መገናኛ በሰዓቱ ለመድረስ ከቤት 11 ሰዓት ላይ መውጣት አለባት። ልጁን ማን ያድርስ? ‹‹ደመወዝ ቢጨምሩልኝስ?›› ብላም ራሷን ጠየቀች። በዚህ እርከን ደመወዝ ላይ የሚጨመር ብር 35 በመቶው ለገቢ ግብር፣ 7 በመቶው ለጡረታ ይሄዳል። 6,000 ብር ቢጨምሩላት እጇ ላይ የሚደርሰው 3,480 ነው። በዚያ ገንዘብ ልጅ የሚያደርስ ሰው ቀጥራ ጠዋት ጠዋት ደግሞ እስከ መገናኛ የራይድ ልትከፍልበት አትችልም። ስለዚህ ጉዳዩ የገንዘብ አይደለም፤ ደመወዝ ቢጨመርም መልሷ ያው ነው። ይህን ማወቋ ኋላ እንደምናየው ይጠቅማታል።

እዚህ ላይ ሕጉንም በጥቂቱ እንንካ፤ ብዙ ሰው ከሚያስበው ይለያልና። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውል የግድ በተለየ ፎርም መደረግ የለበትም፤ በቃል ስምምነትም ሊመሠረት ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤው እንደመጣ በደስታ ስልክ አንስቶ ‹‹እሺ፣ እጀምራለሁ›› ማለት ‹‹ገና አልፈረምኩም›› ብሎ የሚቀለበስ ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ በኩል የፍትሐ ብሔር ሕጉ በመርሕ ደረጃ ዝምታን እንደ መቀበል አይቆጥርም። ‹‹ደመወዙን ይህን ያህል ካደረጋችሁት እቀበላለሁ›› የሚል መልስ ደግሞ በሕጉ ዓይን የመጀመሪያውን ሐሳብ አለመቀበልና አዲስ ሐሳብ ማቅረብ ነው። ምን ማለት ነው ቢሉ፣ ድርጅቱ የእናንተን አዲስ ሐሳብ የመቀበል ግዴታ የለበትም፣ ቀድሞ ወዳቀረበው የመመለስም ግዴታ የለበትም። ሥራውን ከልባችሁ የምትፈልጉ ከሆነ ‹‹ካልሆነ አልመጣም›› ከማለት ይልቅ ‹‹መልስ ከመስጠቴ በፊት ደመወዙን በተመለከተ ጥያቄ አለኝ›› ማለት ይሻላል። ሥራውን የማትፈልጉት ከሆነ ግን መደራደሩን ጨርሶ አትጀምሩት። የማትገቡበትን ሥራ ተደራድራችሁ፣ ባለሙያዋ ከአለቃዋ ጋር ተሟግታ ጭማሪውን ካስፈቀደች በኋላ ‹‹አልመጣም›› ማለት፣ በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ ይቅርታ ሲደረግለት ያላየሁት አንድ ጥፋት ነው።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ሐሙስን አሰበችበት፤ ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደወለች። ለምን ዓርብ ጠዋት ቢሉ፣ ዓርብ ከሰዓት የተነገረ መልስ እስከ ሰኞ ይተኛል፤ ጠዋት የተነገረው ግን ባለሙያዋ በዚያው ቀን ከአለቃዋ ተነጋግራ ለተጠባባቂው እንድትደውል ጊዜ ይሰጣታል። የመልሱ ቀነ ገደብ ሰኞ ስለሆነ ሰኞ ብትናገርም አልዘገየችም፤ ነገር ግን የተሰጣትን ጊዜ ሁሉ ባለመጠቀሟ ለባለሙያዋ ሦስት ቀን አተረፈችላት። ይህን ባለሙያዋ ሳይነገራት ታየዋለች።

ለምን በስልክ? በኢሜይል አይበቃም ወይ? ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ቅደም ተከተላቸው ግን ስልክ አስቀድሞ፣ ጽሑፍ ወዲያው ተከትሎ ነው። ስልኩ ለሰውዬዋ ነው፤ ጽሑፉ ለፋይሉ ነው። ከወር በላይ ድምፅ ለድምፅ ስትነጋገሩ ቆይታችሁ መጨረሻውን በሦስት መስመር ኢሜይል ብቻ መላክ፣ በር ላይ ቆሞ ሳይገቡ መሄድ ይመስላል። ስልክ ብቻ ከሆነ ደግሞ የጽሑፍ ማስረጃ አይኖራትም።

ንግግሩ ይህን ይመስላል። ‹‹ጤና ይስጥልኝ፤ ለሲኒየር አካውንታንት ቦታ የተመረጥኩት ነኝ፤ አሁን ለመነጋገር ይመችዎታል? ደብዳቤው ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። አስቤበት ሥራውን ላለመቀበል ወስኛለሁ። ምክንያቴ የሥራ ቦታው ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ዱከም መሆን ልጄን ከማደርስበት ሰዓት ጋር አልተስማማልኝም። ለሌላ ሰው ጊዜ እንዲኖርዎት ብዬ ነው ዛሬ ጠዋት የደወልኩት።››

ልብ በሉ፤ ‹‹ወስኛለሁ›› አለች እንጂ ‹‹ትንሽ ከብዶኛል›› አላለችም። ‹‹ከብዶኛል›› ብትል ባለሙያዋ ሸክሙን ልታቀልላት መድከም ትጀምራለች፤ ሥራዋ ነውና። አሁንም ቢሆን ትሞክራለች። ‹‹ስንት ቢጨመር ይሻልሽ ነበር?›› ስትል፣ አስቀድማ ያሰላችው ሒሳብ እዚህ ጋ ይረዳታል። ‹‹የደመወዙ ጉዳይ አይደለም፤ ቢጨመርም መልሴ ያው ነው፣ በከንቱ እንዳላደክምዎት ብዬ ነው›› ብላ ትመልሳለች። ከዚህ በኋላ ንግግሩ አይረዝምም። ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ስልክ ከአምስት ደቂቃ አያልፍም፤ እንደሚፈራው ያህልም አያስፈራም።

ስለ ምክንያቱ ግን ቆም እንበል፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ጥሩ ምክንያት አንድ ብቻ ነው፣ እውነት ነው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቃ ፊት ሊደገም ይችላል። ‹‹ዱከም ራቀባት›› የሚለውን ባለሙያዋ ሳታፍር ትናገረዋለች፤ ማንንም አይነካም። ከዚያም በላይ ለድርጅቱ ትምህርት አለው፤ ቦሌ ብሎ ማስታወቂያ አውጥቶ ኋላ ዱከም ማለት ሰው እንደሚያሳጣ ባለሙያዋ ምናልባት ከዚህ በፊትም ስትናገር ኖራለች፤ አሁን ማስረጃ አገኘች። ሌላም ጥቅም አለው። ምክንያቱ በውስጡ ወደፊት የሚከፈትበትን ሁኔታ ይዟል። ችግሩ ቦታው ከሆነ፣ ቦሌ ያለው ቢሮ ላይ ክፍት ቦታ ሲገኝ ችግሩ የለም ማለት ነው። ባለሙያዋ ይህን ማንም ሳይነግራት ትይዘዋለች።

የፈጠራ ምክንያትስ? ‹‹እናቴ ታማብኝ›› ‹‹ወደ ውጭ ልሄድ ነው›› የሚሉ ብዙ ናቸው። በሐሰት የታመመች እናት ለአንድ ሳምንት ታድናለች፤ ከወር በኋላ ግን ሰውየው በሊንክድኢን ‹‹አዲስ ሥራ ጀመርኩ›› ብሎ ይለጥፋል፣ ባለሙያዋም ታየዋለች። የአዲስ አበባ የሙያ ሠፈር ትንሽ ነው፤ ሒሳብ ሠራተኛው ሒሳብ ሠራተኛውን፣ ኤችአሩ ኤችአሩን ያውቃል። በተቃራኒው ደግሞ እውነቱን ከልክ በላይ የሚዘረዝር አለ፤ ደመወዙም አነሰ፣ ኃላፊውም ቁጡ መሰለኝ፣ ቢሮውም ጠባብ ነው ይላል። አምስት ምክንያት የሰማ ሰው ከአምስቱ በጣም የሚያስከፋውን ብቻ ነው የሚያስታውሰው። ኃላፊው ቁጡ መስሏችሁ ከሆነ እሱን ለራሳችሁ ያዙት።

አንድ አስቸጋሪ ሁኔታ አለ፤ አሁን ያላችሁበት መሥሪያ ቤት ልትወጡ መሆኑን ሰምቶ ደመወዝ ጨምሮላችሁ ከሆነ። ይህን የሰማች ባለሙያ መጀመሪያ የምታስበው ‹‹እኛን ለጭማሪ ተጠቀመችብን›› ብላ ነው። ቢሆንም እውነቱን መናገር ይሻላል፤ በአጭሩ። ‹‹ያለሁበት ቤት የኃላፊነት ደረጃዬን ከፍ ስላደረገው ለመቆየት ወስኛለሁ።›› የተጨመረውን ብር አትጥቀሱ። ቅር መሰኘቷ አይቀርም፤ ጠፍታችሁባት ሌላ ሰው ከሚነግራት ግን በእጅጉ ይሻላል።

ከስልኩ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ኢሜይሉ ይላካል። ቋንቋው ደብዳቤው የመጣበት ቋንቋ ይሁን፤ የእንግሊዝኛ ደብዳቤን በእንግሊዝኛ፣ የአማርኛውን በአማርኛ። የእሷ ይህን ይመስላል፦

‹‹ለሲኒየር አካውንታንት የሥራ መደብ የላኩልኝ የቅጥር ደብዳቤ ረቡዕ ደርሶኛል። ዛሬ ጠዋት በስልክ እንደነገርኩዎት፣ የመጀመሪያው ዓመት የሥራ ቦታ ዱከም በመሆኑ ሥራውን አልቀበልም። በፈተናውና በቃለ መጠይቁ ጊዜ ሁሉ ቀጠሮውን ቀድመው እያሳወቁ ስላስተናገዱኝ አመሰግናለሁ። ቦሌ በሚገኘው ቢሮ ተመሳሳይ ቦታ ቢከፈት ብሰማ ደስ ይለኛል።››

ምስጋናው በጅምላ አለመሆኑን አስተውሉ። ‹‹ስላደረጉልኝ ሁሉ›› ቢባል ማንም ለማንም የሚጽፈው ነው። ‹‹ቀጠሮውን ቀድመው እያሳወቁ›› ግን ባለሙያዋ በእርግጥ ያደረገችው ነገር ነው፤ ብዙ ቦታም አይደረግም። ‹‹አልቀበልም›› የሚለው ቃልም በጽሑፉ ውስጥ አለ። ‹‹ለጊዜው ለመቀጠል አልቻልኩም›› ተብሎ ቢጻፍ ፋይሉን የሚያይ ሌላ ሰው ‹‹ታዲያ ለመቼ ይሆን?›› ብሎ ይጠይቃል።

ከዚህ በኋላ የሚረሱ ትንንሽ ጉዳዮች አሉ። ምስክር እንዲሆኗችሁ ስማቸውን የሰጣችኋቸው ሰዎች ተደውሎላቸው ይሆናል፤ ዋስ እንዲሆን የጠየቃችሁት ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ ይሆናል። ለእነሱም በዚያው ቀን ንገሯቸው። ሥራውን የጠቆማችሁ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካለ፣ ባለሙያዋ ከእናንተ ከሰማች በኋላ ወዲያው ይስማ፤ ከእሷ በፊት ግን አይሁን። በአማላጅ በኩል የሚመጣ ‹‹አልፈልግም›› ባለሙያዋን ከመልሱ በላይ ያስቀይማታል። መልቀቂያና ክሊራንስ ደግሞ ከፊርማ በኋላ እንጂ በፊት የሚጠየቅ አይደለም፤ ቀድመው ጠይቀው በሁለት ወንበር መካከል መሬት ላይ የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ከፈረማችሁ በኋላ ሐሳባችሁ ቢለወጥስ? አዋጁ በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሠራተኛ፣ ማለትም እስከ 60 የሥራ ቀን ድረስ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን እንዲተው ይፈቅዳል። ስለዚህ በሕግ አትያዙም። ነገር ግን ያኔ ተጠባባቂው ‹‹አልተመረጡም›› ተብሎ ተሰናብቷል፣ ፋይሉ ተዘግቷል፣ ባለሙያዋ እንደገና ከዜሮ ትጀምራለች። ግንኙነቱን አቆያለሁ ብላችሁ ተስፋ የምታደርጉበት ጊዜ አይደለም፤ በአግባቡ ይቅርታ ጠይቃችሁ ውጡ።

ወደ መጨረሻው እንምጣ፤ ግንኙነቱ እንዴት ይቆያል? መጀመሪያ የምታቆዩት ድርጅቱን ሳይሆን ሰውዬዋን መሆኑን እወቁ። የቅጥር ባለሙያዎች ራሳቸው መሥሪያ ቤት ይለውጣሉ፤ ዛሬ አምራች ድርጅት ያለችው ከሁለት ዓመት በኋላ ባንክ ወይም ግብረ ሰናይ ድርጅት ትገኛለች። ስለዚህ የቢሮው ኢሜይል አይበቃም። በስልኩ ንግግር መጨረሻ ‹‹ቢፈቅዱ በሊንክድኢን ልጨምርዎት?›› ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። እሺ ካለች በዚያው ቀን ጨምሯት። የቃለ መጠይቁን አራት ሰዎች አንድ በአንድ እየፈለጉ መጨመር ግን ልክ አይደለም፤ እነሱን አላወቃችኋቸውም።

ለባለሙያዋ ትልቁ ስጦታ የሰው ስም ነው፤ ጥንቃቄ ካለበት ብቻ። የምታውቁት ዱከም አካባቢ የሚኖር፣ ለቦታው የሚሆን ሒሳብ ሠራተኛ ካለ መጀመሪያ እሱን ጠይቁት፤ ‹‹ስልክህን ልስጣት?›› በሉት፤ እሺ ካለ በኋላ ስጡ። ሳይጠየቅ ቁጥሩን መስጠት ሁለት ሰው ያስቀይማል። ለቦታው የማይሆን ሰው መጠቆም ደግሞ ከዝምታ ይብሳል፤ ቀጥሎ የምትናገሩትን አታምንም።

የበዓል መልእክትስ? ለእኔ ባለፈው ገና አበባና ሻማ ያለበት ተመሳሳይ ሥዕል ከአርባ በላይ ሰው ልኮልኛል፤ የአንዱንም ላኪ ስም አላስታውስም። ከሦስት ወር በኋላ አንድ፣ ከዚያ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ አንድ አዲስ ነገር ያለበት አጭር መልእክት ይበቃል። የእኛ የሒሳብ ባለሙያ በገና ሰሞን የላከችው ይህ ነው፤ ‹‹እንኳን አደረሰዎት። በክረምቱ በዱከም ምክንያት ሥራውን ሳልቀበል የቀረሁት ነኝ። ከዚያ ወዲህ የኤሲሲኤ ሁለት ፈተና አልፌያለሁ። ለቦታው ሰው አግኝተው እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።›› ሥራ አልጠየቀችም። ማን እንደሆነች ባለሙያዋ ፋይል ሳትከፍት እንድታስታውስ አድርጋ፣ አንድ አዲስ መረጃ ጨምራ አበቃች።

መልስ ካልመጣ አትድገሙት። አንዳንድ ቤት አንዴ ሥራ ያልተቀበለን ሰው እንደገና ላለመጥራት ወስኗል፤ አንዳንድ የፋይናንስ ኃላፊም ቂም ይይዛል፣ ባለሙያዋም ስለ እናንተ ከእሱ ጋር አትጣላም። የላካችሁት መልእክት ግን ስልኳ ውስጥ ከስማችሁ ሥር ተቀምጧል፤ መሥሪያ ቤት ስትለውጥም ስልኳን ይዛ ነው የምትሄደው።